ግድግዳ ታክኮ የሚፈስ የማይትራል ጄት፦ ማርመሩን ሰምቶ በኢኮ ደረጃውን በትክክል ለመስጠት

ከአጋሮ፣ ከሰቃ ወይም ከሰርቦ ወደ ጅማ ሪፈር ተብለው በሚመጡ ወጣቶች ላይ የሚደጋገም አንድ ስህተት አለ። የግራ ልብ ሰፍቷል፣ ታማሚዋ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ የኢኮ ሪፖርቱ ግን «ቀላል የማይትራል ፍሳሽ» ይላል። አንባቢው ቀለሙን አይቶ ገምቷል፣ ቀዳዳውን ግን አልለካም። በሩማቲክ የልብ በሽታ ጄቱ ብዙ ጊዜ በኤትሪየሙ መሃል አይሄድም፤ ወደ ኋላ ዞሮ ግድግዳውን ታክኮ ይሮጣል። ግድግዳ የነካ ጄት ጉልበቱን እዚያው ስለሚያጣ በቀለም ሲታይ ከእውነተኛ መጠኑ ቀጭንና ትንሽ ይመስላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ጄት ነው። ስቴቶስኮፕ ለሚይዙ ኢንተርኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ፕሮብ ለሚይዙ ሬዚደንቶችም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የአንዲት ታማሚ ምሳሌ አብሮን ይሄዳል፦ የ19 ዓመት ወጣት፣ ክብደቷ 44 ኪሎ፣ የደም ግፊቷ 105/65፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 96 እና ወጥ።

## ከመጀመር በፊት

የደም ግፊት ለኩና ኢኮው ላይ ጻፉት። ግፊቱ ከፍ ሲል ፍሳሹ ይብሳል፣ ሲወርድ ይቀንሳል። ያለ ግፊት የተጻፈ ደረጃ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከምንም ጋር አይወዳደርም። ላሲክስ ወይም ኢናላፕሪል ጀምራ እንደሆነም ጠይቁ።

የኢሲጂ ገመዶቹን አገናኙ። ሲስቶሉ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ካላወቃችሁ መሃሉን ልትለኩ አትችሉም።

ታማሚዋን በግራ ጎኗ አስተኟት፣ ግራ እጇን ከራሷ በላይ ታድርግ። «እህቴ፣ ትንፋሽሽን አውጪና እዛው ላይ ያዢ» ማለት ይበቃል። አማርኛ የማትሰማ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ የሚነግራት ሰው ከአጠገብ ይኑር፤ ትንፋሹን ያለጊዜው ከያዘች ሳንባ ምስሉን ይሸፍናል።

## ደረጃ 1፦ ቀለሙን ሳትከፍቱ መንስኤውን ፈልጉ

ጥቁርና ነጩ ምስል ላይ ብቻ ቆዩ። ፓራስተርናል ሎንግ አክሲስ ላይ ሆናችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ቫልቩ ራሱ ነው የታመመው ወይስ ቫልቩ ደህና ሆኖ ልቡ ስለሰፋ ነው መግጠም ያቃተው? የመጀመሪያው ፕራይመሪ፣ ሁለተኛው ሰከንደሪ ይባላል። ሰከንደሪው የሚመጣው የልብ ጡንቻ ደክሞ ሲሰፋ ወይም ሃርት አታክ የፓፒላሪ ጡንቻውን አካባቢ ሲጎዳ ነው። ያኔ ሊፍሌቶቹ ቀጭን ሆነው ወደ ታች ተጎትተው ይታያሉ።

በወጣት ታማሚ ላይ ግን አስቀድማችሁ የሩማቲክ ምልክቶችን ፈልጉ፦

- የፊተኛው ሊፍሌት ጫፍ ወፍሯል። እስከ 20 ዓመት ድረስ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ ከ21 እስከ 40 ዓመት 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ወፍራም ነው።
- ቫልቩ ሲከፈት የፊተኛው ሊፍሌት እንደታጠፈ ክርን ይጎብጣል፤ መሃሉ ይንቀሳቀሳል፣ ጫፉ ግን ተይዟል።
- የኋለኛው ሊፍሌት እንደተተከለ ችካል ቆሟል፣ አይዘጋም።
- ሊፍሌቶቹን የሚይዙት ገመዶች (ኮርዳ) ወፍረዋል፣ አጥረዋል።

የጄቱን አቅጣጫ የሚወስነው ሦስተኛው ነጥብ ነው። የኋለኛው ሊፍሌት ተይዞ ሲቀር የፊተኛው አልፎት ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተትም ደሙን ወደ ኋላ ግድግዳ ይረጨዋል። ስለዚህ ቀለሙን ሳትከፍቱ ጄቱ ወዴት እንደሚዞር መገመት ትችላላችሁ። የኋለኛው ሊፍሌት ተበጥሶ ወይም ልል ሆኖ ወደ ኤትሪየም ቢገለበጥ ግን ተቃራኒው ይሆናል፦ ጄቱ ወደ ፊት ይሄዳል።

ስህተት የሚመጣበት ቦታ፦ ጌይኑ ሲበዛ ጤነኛ ሊፍሌት ወፍራም ይመስላል። ፔሪካርዲየሙ ከሌላው ሁሉ በላይ እስኪያበራ ድረስ ጌይኑን ቀንሱ፣ ከዚያ ለኩ። ትኩሳት ካለና ሊፍሌቱ ላይ የሚወዛወዝ ነገር ካያችሁ የቫልቭ ኢንፌክሽን አስቡ፤ ደረጃ መስጠቱ ሊቆይ ይችላል፣ የደም ካልቸር ግን ከአንቲባዮቲክ በፊት ይወሰድ።

## ደረጃ 2፦ ማርመሩን አዳምጡ

ብዙዎች ኢኮ ካለ ማዳመጥ ትርፍ ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም፤ ጄቱ ወዴት እንደሚሄድ ጆሮ ከፕሮብ በፊት ሊነግራችሁ ይችላል።

1. የልብ ምት የሚመታበትን ቦታ (ኤፔክስ) በእጃችሁ ፈልጉ። ከጡት መሃል መስመር ወደ ውጭና ወደ ታች ከሄደ ግራው ቬንትሪክል ሰፍቷል።
2. ስቴቶስኮፑን በዲያፍራሙ በኩል ኤፔክሱ ላይ ጫን አድርጉ። የማይትራል ፍሳሽ ድምፁ ቀጭንና እፍ እንደሚል ትንፋሽ ነው፤ ከመጀመሪያው የልብ ድምፅ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ሳያቋርጥ ይዘልቃል። የመጀመሪያው ድምፅ ራሱ ደክሞ ሊሰማ ይችላል።
3. ማዳመጫውን ሳታነሡ ወደ ብብት፣ ከዚያ ወደ ግራ ትከሻ አጥንት ሥር አንሸራቱ። ወደዚያ ከተከተላችሁ ጄቱ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ወደ ደረት አጥንትና ወደ ላይ ከሄደ ጄቱ ወደ ፊት ነው።
4. ወደ ቤሉ ቀይሩና ኤፔክሱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከሁለተኛው ድምፅ ቀጥሎ ወፍራም ሦስተኛ ድምፅ ካለ ብዙ ደም እየተመላለሰ ነው።

ወደ ፊት የሄደ ጄት ከአዮርቲክ ቫልቭ ጥበት ጋር ይምታታል። ለመለየት ታማሚዋ ሁለት እጇን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አጥብቃ ትጨብጥ፤ የማይትራሉ ድምፅ ይጨምራል፣ የጥበቱ ግን አይጨምርም ወይም ይቀንሳል። ምቱ ወጥ ካልሆነ ደግሞ ከረጅም ክፍተት ቀጥሎ የሚመጣውን ምት አዳምጡ፤ የአዮርቲኩ ይጎላል፣ የማይትራሉ እንደነበረ ይቆያል። ትንፋሽ ስትስብ የሚጨምር ማርመር የቀኙ ቫልቭ የትራይከስፒድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የድምፁ ጉልበት የፍሳሹን መጠን አይነግራችሁም። ገመዱ በድንገት ተበጥሶ ቫልቩ ባንዴ ሲከፈት ኤትሪየሙ ለመስፋት ጊዜ ስለማያገኝ ግፊቱ ወዲያው ይወጣል፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል፣ ማርመሩም አጭርና ደካማ ይሆናል ወይም አይሰማም። ሳንባዋ ውኃ ሞልቶ፣ ግፊቷ ወርዶ፣ ማርመር የሌላት ታማሚ ላይ «ቫልቩ ደህና ነው» አትበሉ።

ምሳሌያችን ላይ ኤፔክሱ ወደ ብብት ተገፍቷል፣ ማርመሩ ወደ ብብትና ወደ ጀርባ ይሄዳል፣ ሦስተኛ ድምፅ አለ። የኋላ ግድግዳ የሚነካ ጄት እየጠበቅን ነው።

## ደረጃ 3፦ ቀለሙን ክፈቱ፣ ግን በእሱ አትፍረዱ

የቀለም ፍጥነቱን `Scale` በ50 እና 70 ሴንቲሜትር በሰከንድ መካከል አድርጉ። `Color Gain` ልብ ውስጥ የቀለም ብናኝ እስኪታይ ጨምሩ፣ ከዚያ ብናኙ እስኪጠፋ ቀንሱ። የቀለም ሳጥኑን ቫልቩንና ኤትሪየሙን ብቻ እንዲይዝ አጥብቡት።

እነዚህን ካላስተካከላችሁ ምን እንደሚሆን አንዴ ራሳችሁ ሞክሩት። እዛው ታማሚ ላይ `Scale` ወደ 30 ዝቅ ስታደርጉ ያው ጄት ኤትሪየሙን ይሞላዋል፣ ወደ 80 ስታወጡት ይኮሰምናል። ቀዳዳው ግን አልተለወጠም።

ጄቱን በሁለት እይታ ካላያችሁ አትመዝግቡ። ግድግዳ የሚታከክ ጄት ኤፒካል ፎር ቻምበር ላይ እንደ ቀጭን ክር ሊታይ ይችላል፤ ፕሮቡን በዝግታ ወደ ኋላና ወደ ፊት አዘንብሉ፣ ወደ ቱ ቻምበርና ወደ ሎንግ አክሲስ አዙሩ። የእኛዋ ታማሚ ጄት 4 ስኩዌር ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ሰፊ ኤትሪየም ውስጥ ዓይን «ቀላል» ሊለው የሚችል ነው። ስህተቱ እዚህ ጋር ይሠራል።

## ደረጃ 4፦ የጄቱን አንገት ለኩ

ጄቱ በሊፍሌቶቹ መካከል ሲያልፍ የሚጠብበት ቦታ ቬና ኮንትራክታ ይባላል። ግድግዳ መንካት አለመንካቱ እምብዛም አይቀይረውም፤ ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ጄት የመጀመሪያው ታማኝ ልኬት ነው።

1. ፓራስተርናል ሎንግ አክሲስ ላይ ሁኑ፣ ቫልቩን በ`Zoom` አቅርቡ።
2. ሦስቱ አካላት ባንድ ላይ ይታዩ፦ ከቫልቩ በፊት የሚሰበሰበው ፍሰት፣ አንገቱ፣ ከኋላ የሚሰፋው ጄት። አንዱ ከጎደለ አንገት ነው ብላችሁ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው።
3. አንገቱን ከፍሰቱ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ተሻግራችሁ ለኩ።

ከ3 ሚሊሜትር በታች ቀላል፣ 7 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። በመካከል ያለው ብቻውን አይፈርድም። ሁለት ጄት ካለ ሁለቱን አንገት አትደምሩ፤ ድምሩ ትርጉም የለውም። ምሳሌያችን ላይ 7 ሚሊሜትር ሆነ። ከቀለሙ ስፋት ጋር አይስማማም፣ እና የምናምነው ይህንን ነው።

## ደረጃ 5፦ ፒሳ፣ ቀዳዳውን የሚያሰላው ዘዴ

ደም ወደ ጠባብ ቀዳዳ ሲጠጋ ፍጥነቱን እየጨመረ፣ በግማሽ ኳስ ቅርጽ ተሰብስቦ ይገባል። የግማሽ ኳሱን ራዲየስ ካወቅን በሰከንድ ስንት ሚሊሊትር እንደሚያልፍ እናሰላለን፤ ያንን በጄቱ ከፍተኛ ፍጥነት ስናካፍል የቀዳዳው ስፋት ይወጣል።

1. ኤፒካል ፎር ቻምበር ላይ ጥልቀቱን ቀንሱ፣ ቫልቩን አቅርቡ።
2. የቀለሙን `Baseline` ጄቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ እዚህ ወደ ታች፣ አንቀሳቅሱ፤ የታችኛው ቁጥር ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር በሰከንድ ይሁን። ከቬንትሪክል በኩል ሰማያዊው ወደ ቢጫና ቀይ የሚገለበጥበት ጉልላት ይታያል።
3. ምስሉን አቁሙ፣ በኢሲጂው እየተመራችሁ ወደ ሲስቶል መሃል ተመለሱ።
4. ከቀለሙ መገልበጫ እስከ ሊፍሌቶቹ ቀዳዳ ድረስ ለኩ። ቀዳዳው ካልታያችሁ ቀለሙን ለአፍታ አጥፍታችሁ ሊፍሌቶቹን እዩ፣ መልሳችሁ ክፈቱ።
5. በኮንቲኒየስ ዌቭ ዶፕለር የጄቱን ከፍተኛ ፍጥነትና `VTI` ውሰዱ።

የታማሚያችን ልኬት፦ ራዲየስ 0.9 ሴንቲሜትር፣ የመገልበጫ ፍጥነት 38 ሴንቲሜትር በሰከንድ፣ ከፍተኛ ፍጥነት 480 ሴንቲሜትር በሰከንድ፣ `VTI` 140 ሴንቲሜትር።

```
Flow = 6.28 × 0.9² × 38 = 193 ml/s
EROA = 193 ÷ 480        = 0.40 cm²
RVol = 0.40 × 140       = 56 ml
```

ቀዳዳው ከ0.20 በታች ቀላል፣ ከ0.20 እስከ 0.39 መካከለኛ፣ 0.40 ስኩዌር ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። በየምቱ የሚመለሰው ደም ከ30 ሚሊሊትር በታች ቀላል፣ 60 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው።

ራዲየሱ በራሱ ስለሚባዛ ትንሽ ስህተት ደረጃውን ይገለብጣል። ያንኑ ጉልላት 0.7 ብላችሁ ለክታችሁት ቢሆን ቀዳዳው 0.24፣ የሚመለሰው ደም 34 ሚሊሊትር ይወጣ ነበር፤ በ2 ሚሊሜትር ስህተት ከባዱ መካከለኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ በሦስት ምት ለኩ፣ አማካዩን ውሰዱ። ምቱ ወጥ ካልሆነ ምቶቹን ጨምሩ።

### ሲበላሽ

የዶፕለሩ ጠርዝ ካልሞላ፦ ግድግዳ የሚታከክ ጄት ለዶፕለር መስመር አይመችም፤ ፍጥነቱ አንሶ ሲለካ ቀዳዳው ያለአግባብ ሰፍቶ ይወጣል። ፍጥነቱን በሜትር አስልታችሁ በራሱ አባዙ፣ በ4 አባዙ፣ ከሲስቶሊክ ግፊት ቀንሱ፤ የሚቀረው የኤትሪየሙ ግፊት ነው። የእኛዋ 4 × 4.8² = 92፤ 105 − 92 = 13። ይህ ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው። ፍጥነቱ 3.5 ቢወጣ ኖሮ የኤትሪየሙ ግፊት 56 ይሆን ነበር፤ አልጋው ላይ ተኝታ የምታወራ ታማሚ ላይ ይህ አይሆንም፣ ፕሮቡን አዙራችሁ እንደገና ውሰዱ።

ጉልላቱ ከቬንትሪክሉ ግድግዳ ጋር ከተጋጨ፦ ግማሽ ኳስ መሆኑ ቀርቷል፣ ስሌቱ ያጋንናል። በግድግዳና በሊፍሌት መካከል ያለውን ማዕዘን ለኩ፣ ለ180 አካፍሉ፣ ውጤቱን በዚያ አባዙ።

ፍሳሹ በሲስቶል መጨረሻ ብቻ ከሆነ፦ ሊፍሌት ሲገለበጥ የሚታይ ነው፣ ማርመሩም ከሲስቶል መሃል ክሊክ በኋላ ይጀምራል። የቀዳዳው ስፋት ያታልላል፤ በሚመለሰው ደም መጠን ፍረዱ።

## ደረጃ 6፦ ሁለት ቁጥር ሲጣላ

እዚህ ቀዳዳው «ከባድ» ይላል፣ 56 ሚሊሊትር ግን ከ60 ያንሳል። ማንን እናምናለን? 60 ሚሊሊትር የሚለው ድንበር የሰውነትን ትልቀት አይጠይቅም፤ ለ44 ኪሎ ሴት 56 ሚሊሊትር ብዙ ነው። ስለዚህ በሌላ መንገድ አረጋግጡ።

ግራው ቬንትሪክል በሲምፕሰን ዘዴ ሲለካ 170 ሚሊሊትር ይሞላል፣ 71 ይቀረዋል፤ በየምቱ 99 ያወጣል፣ ኢጀክሽን ፍራክሽኑም 58 በመቶ ነው። ወደ አዮርታ የሚሄደው ስንት ነው? የመውጫው ስፋት 1.9 ሴንቲሜትር፣ `VTI` 16፦

```
Forward = 0.785 × 1.9² × 16 = 45 ml
RVol    = 99 − 45           = 54 ml
RF      = 54 ÷ 99           = 55 %
```

ከሚወጣው ደም ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከተመለሰ ከባድ ነው። ሁለቱ መንገዶች 56 እና 54 ሰጡን፤ ተስማምተዋል። ይህ ስሌት ግን የአዮርቲክ ቫልቩም የሚያፈስ ከሆነ አይሠራም፣ በሩማቲክ ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሲምፕሰኑ ኤፔክሱን ቆርጦ ከተለካም መጠኑ አንሶ ይወጣል።

አሁን የሳንባ ደም መልሱን ቧንቧ በፐልስ ዌቭ እዩ፤ በሲስቶል ጊዜ ፍሰቱ ወደ ኋላ ከተገለበጠ ለከባዱ ጠንካራ ምስክር ነው። ወደ ግድግዳ የዞረ ጄት አንዱ ቧንቧ ውስጥ ብቻ ሊገባ ስለሚችል ከአንድ በላይ ፈልጉ። የማይትራል መግቢያው ኢ ሞገድ ከ1.2 ሜትር በሰከንድ ሲያልፍም ይደግፋል፤ ነገር ግን ቫልቩ የሚጠብም ከሆነ ሞገዱ በጥበቱ ስለሚረዝም አትቁጠሩት። ኤ ሞገድ ከኢ የሚበልጥ ከሆነ ግን ፍሳሹ ከባድ የመሆኑ ነገር አጠራጣሪ ነውና ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

## ደረጃ 7፦ ሪፖርቱን ጻፉ

«ከባድ ፍሳሽ» ብቻ ብላችሁ አትተዉ። ቀዶ ጥገና የሚወስነው ሐኪም የሚፈልጋቸው ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች አሉ፦ ኢጀክሽን ፍራክሽኑና ቬንትሪክሉ ሲኮማተር የሚቀረው ስፋት። በፕራይመሪ ፍሳሽ 60 በመቶና ከዚያ በታች፣ ወይም 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጡንቻው መድከም ጀምሯል፤ ምልክት ባይኖራትም ለቀዶ ጥገና ግምገማ ትላካለች። 58 በመቶ ጤነኛ የሚመስለው ግማሹ ደም ወደ ቀላሉ መንገድ፣ ወደ ኤትሪየሙ፣ ስለሚወጣ ነው። የእኛዋ 58 በመቶና 41 ሚሊሜትር ሁለቱንም አልፋለች።

ሪፖርቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የደም ግፊት 105/65፣ ምት 96 ወጥ። ሩማቲክ የማይትራል ቫልቭ፤ የፊተኛው ሊፍሌት ጫፍ ወፍሯል፣ የኋለኛው ተይዟል። ጄቱ ወደ ኋላ ግድግዳ ይዞራል፣ በቀለም ስፋቱ አልተመዘነም። ቬና ኮንትራክታ 7 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳ 0.40 ስኩዌር ሴንቲሜትር፣ የሚመለስ ደም 56 ሚሊሊትር (በቮልዩም 54)፣ 55 በመቶ። በሳንባ ደም መልስ ሲስቶሊክ መገልበጥ አለ። ግራ ቬንትሪክል 60/41 ሚሊሜትር፣ ኢጀክሽን ፍራክሽን 58 በመቶ። የአዮርቲክ ፍሳሽ የለም፣ የማይትራል ጥበት የለም። ድምዳሜ፦ ከባድ ፕራይመሪ የማይትራል ፍሳሽ፣ ከግራ ቬንትሪክል መድከም ጋር።»

ልኬቶቹ ካልተስማሙ ቁጥሮቹን ሁሉ ጽፋችሁ «መካከለኛ ወይም ከባድ፣ እንደገና ይታይ» በሉ። ሳንባዋ ውኃ ይዞ ወይም ግፊቷ ከፍ ብሎ የተለካ ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቶ ግፊቷ ከተስተካከለ በኋላ ድገሙት፣ የሁለቱንም ቀን ግፊት ጎን ለጎን ጻፉ። የፒሳውን ክሊፕ ከነ`Baseline` ቁጥሩ አስቀምጡት፤ የሚቀጥለው አንባቢ ራዲየሱን ከዚያው ላይ ደግሞ ይለካዋል።